ያንቀላፋ ትውውቅና የሥራ ወሬ፦ ከዓመታት ዝምታ በኋላ የቀድሞ ወዳጅን መፈለግ

ከጆሃንስበርግ መሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ከፎርድስበርግ ጎን የምትገኘው ሜይፌር ለብዙ ሶማሌያውያንና ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ማረፊያ ሆና ኖራለች። አዲስ የመጣ ሰው እዚያ ከሌሎች ጋር ክፍል ይጋራል፤ የስደተኝነት ወረቀቱን እስኪያገኝ ይሰነብታል፤ በመሃል ከተማው የጄፒ ጎዳና ካሉ የጅምላ ሱቆች ዕቃ እየወሰደ ንግድ ይጀምራል። ትንሽ ሲጠነክር ደግሞ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ወደሚኖሩባቸው፣ ነጋዴዎቹ "ሎኬሽን" ወደሚሏቸው ሰፈሮች፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አብረው አንድ ድስት የበሉ አራት ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ በደርባን፣ አንዱ በፖሎክዋኔ፣ አንዱ በኬፕታውን፣ አንዱ እዚያው ሜይፌር ሆነው ይገኛሉ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ ቀጥሎ በየበዓሉ፤ በመጨረሻም የስልክ ቁጥር ሲቀየር ግንኙነቱ ያለ ጠብና ያለ ስንብት ይቋረጣል።

የማኅበራዊ ትስስር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ግንኙነት "ያንቀላፋ ትውውቅ" ይሉታል። አልሞተም፣ ነገር ግን እየሠራ አይደለም። በሜይፌር የኖረ ሰው ሁሉ እንዲህ ያሉ ብዙ ትውውቆች አሉት። ሥራ ሲጠፋ ግን በአብዛኛው የሚታሰቡት የመጨረሻዎቹ እነርሱ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ "አምስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው ከርሜ፣ ዛሬ ሲቸግረኝ ብደውል ምን ይለኛል?" የሚል ሐፍረት አለ። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ይህ ሐፍረት ከሚገባው በላይ ትልቅ መሆኑን ነው። ትውውቁ የሚነሣበት ቅደም ተከተልም በውጤቱ ላይ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የቅርብ ሰው ለምን አዲስ ወሬ አያመጣም?

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" የሚለው ብሂል ለለቅሶና ለሕመም እውነት ነው። ለሥራ ወሬ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው የኒውተን ከተማ አዲስ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ የሥራውን ወሬ ከማን እንደሰሙ ጠይቆ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አቀረበው። በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን የነገራቸውን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመቶ 56 ያህሉ ሰውየውን አልፎ አልፎ የሚያገኙት፣ ከመቶ 28 ያህሉ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሚያገኙት ነበሩ። ግራኖቬተር እንደጻፈው፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ሲሆኑ፣ ትውውቁ እንደገና የተነሣው በአጋጣሚ ወይም በጋራ ወዳጅ በኩል ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ሜይፌር መመለስ ይበቃል። አብረው የሚኖሩ፣ በአንድ ዕድር ያሉ፣ በአንድ ምግብ ቤት የሚገናኙ አሥር ሰዎች የሚሰሙት ወሬ አንድ ነው። ጄፒ ላይ አንድ ሱቅ ሻጭ ቢፈልግ አሥሩም በዚያው ቀን ይሰማሉ፤ አሥሩም ለዚያው ቦታ ይሽቀዳደማሉ። የሚዋደዱ ሰዎች ቢሆኑም፣ ለሌላው የሚነግሩት አዲስ ነገር የላቸውም። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ፖሎክዋኔ የሄደው ሰው ግን በእነዚያ ዓመታት ሌሎች አሠሪዎችን፣ ሌሎች የዕቃ አመላላሾችን፣ ሌላ ሠፈር አውቋል። የሚያውቀው ነገር አዲስ የሆነው ከዚህ ክበብ ስለራቀ ነው።

እምነት ሳያልቅ ወሬው ይታደሳል

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ሩቅ ሰው አዲስ ወሬ ቢኖረውም፣ ለማያምነው ሰው ለምን ይነግራል? በተለይ ገንዘብ መቀበልና ዕቃ መጠበቅ በሚጠይቅ ሥራ ላይ አሠሪው የሚፈልገው የታመነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ትስስር ገጽ ላይ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ ጥናት ይህን አሳይቷል። በአጠቃላይ መጠነኛ ላላ ያለ ትውውቅ ሥራ ለማግኘት ከጥብቅ ወዳጅነት የበለጠ ጠቅሟል፤ እጅግ የላላው ትውውቅ ግን ጥቅሙ ቀንሷል። በዲጂታል ቴክኖሎጂ ላይ እምብዛም በማይመሠረቱ የሥራ ዘርፎች ደግሞ ጥብቅ ትስስር የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ያንቀላፋ ትውውቅ ልዩ የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ዳንኤል ሌቪን፣ ሆርጌ ዋልተርና ኪት መርኒገን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በሥራ ላይ ያሉ የድርጅት ኃላፊዎች ቢያንስ ለሦስት ዓመት ካልተገናኟቸው ሰዎች ጋር እንደገና እንዲገናኙና ስለ አንድ የሥራ ጉዳይ ምክር እንዲጠይቁ አደረጉ። ከሚገናኟቸው ሰዎች አንዱ በፊት በጣም የሚቀርባቸው፣ ሌላው በፊትም ላላ ያለ ትውውቅ ያላቸው ሰው ነበር። ከእነዚህ ሰዎች የተገኘው ምክር በአሁኑ ጊዜ ከሚገናኟቸው ሰዎች ከሚያገኙት ይልቅ አዲስ ነገር ነበረው። ድሮ በጣም ይቀራረቡ በነበሩት ዘንድ ደግሞ መተማመኑ ከዓመታት ዝምታ በኋላም አልጠፋም።

በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ወቅት አብሮ የኖረና ከዚያ የራቀ ሰው ሁለቱን ነገሮች ባንድነት ይይዛል። ወሬው የሩቅ ሰው ወሬ ነው፤ እምነቱ ግን የቅርብ ሰው እምነት ነው። አንድ ክፍል የተጋሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጠባይ ያውቃል፤ ማን የቤት ኪራይ በሰዓቱ ያዋጣ እንደነበር፣ ማን ሲታመሙ ያስታምም እንደነበር አይረሳም። ይህ ዕውቀት በዝምታ ምክንያት አይሰረዝም። የተጎዳ ካለ፣ ማለትም ያልተመለሰ ብድር ወይም በጠብ የፈረሰ ዕቁብ ካለ ግን፣ እርሱም እንዲሁ አይረሳም። ስለዚህ ከመደወል በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ዓመት ሆነን?" ሳይሆን "እንዴት ተለያየን?" የሚለው ነው።

ሐፍረቱ ከየት ይመጣል?

ላራ አክኒንና ጊሊያን ሳንድስትረም የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ የራቃቸውን ወዳጅ ለማግኘት የሚፈልጉ፣ አድራሻውም ያላቸው ሰዎች መልእክት እንዲጽፉና እንዲልኩ ጊዜ ተሰጣቸው። ፍላጎቱም፣ አድራሻውም፣ ጊዜውም እያላቸው የላኩት ከሦስት አንድ እንኳ አልሞሉም። የራቀ ወዳጅ በብዙዎች ዘንድ እንደ እንግዳ ሰው ይታያል፤ ለእርሱ መጻፍ መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው የማናገር ያህል ይከብዳል። ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ ግን ሠርቷል። ተሳታፊዎቹ አስቀድመው ለጥቂት ደቂቃ በቅርብ ላሏቸው ወዳጆች መልእክት ሲልኩ ቆይተው ወደ ሩቁ ሰው ሲመጡ፣ የሚልኩት ሰዎች ቁጥር ወደ ግማሽ ከፍ አለ። እጁ ሲፍታታ ፍርሃቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ ይህ የማፍታታት ጊዜ በዓመት ውስጥ የተዘጋጀ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ ሲደርስ ለቅርብ ሰው ሁሉ "እንኳን አደረሰህ" ይባላል። በዚያው ሰዓት ለራቀው ሰው መጻፍ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም። ነገር ግን ለሁሉ የሚላከውን የአበባና የሻማ ሥዕል ወደ እርሱም ማስተላለፍ ብዙ አይጠቅምም። ተቀባዩ በዚያ ቀን ተመሳሳይ ሃያ ሥዕሎች ስለሚደርሱት፣ ለእርሱ ብቻ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅበት ነገር የለም።

አንድ ምሳሌ ከነዝርዝሩ

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው እንውሰድ። በሜይፌር ይኖራል፤ በጄፒ በአንድ የጅምላ ሱቅ ለአራት ዓመት የዕቃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል፤ ሱቁ ተዘግቷል። ሁለት ወር ሙሉ ለሚያውቃቸው ሁሉ ነግሯል፤ የሚሰማው ወሬ ግን አንድ ዓይነት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ከእርሱ ጋር ክፍል ይጋራ የነበረ ሰው ወደ ፖሎክዋኔ ሄዶ በአንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን እንደሚሠራ ድሮ ሰምቷል። በሰላም ነው የተለያዩት።

የመጀመሪያው ሥራ ሰውየውን ማግኘት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ የቆየ የቅድመ ክፍያ ስልክ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ስለሚሰጥ፣ በአሮጌው ቁጥር የሚመልሰው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጋራ ወዳጅ ወይም በዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል መፈለግ ይሻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ነጋዴዎች ዝርፊያን፣ እገታንና እ.ኤ.አ. በ2008ና በ2015 የታየውን ዓይነት በውጭ ዜጎች ላይ የሚነሣ ጥቃት ስለሚፈሩ፣ "እገሌ የት ነው የሚሠራው? ቤቱ የት ነው?" የሚል ሰው ጥርጣሬን ይፈጥራል። መልካሙ መንገድ የሰውየውን ቁጥር መጠየቅ ሳይሆን የራስን ቁጥር መላክ ነው፤ "ቁጥሬን ስጠውና ደስ ካለው ይደውልልኝ" ማለት። አማላጁም ይህን ለማድረግ አይቸገርም።

ሁለተኛው ሥራ ስለ ሰውየው ጥቂት ማወቅ ነው። ከአማላጁ የሚጠየቀው ዋናው ነገር ስለ ሥራው አይደለም፤ ሐዘን አግኝቶት እንደሆነ ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት እናቱን ወይም ወንድሙን ቀብሮ ከሆነ፣ ያንን ሳያነሣ "እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደኅና?" ብሎ የሚጀምር ሰው ቁስሉን ይነካዋል። ሐዘን ካለ የመጀመሪያው ንግግር "እግዚአብሔር ያጥናህ፤ ዘግይቼ ነው የሰማሁት" የሚለው ይሆናል። በዚያ ቀንም ስለ ሥራ አይነሣም።

ሦስተኛው ሥራ መልእክቱ ነው። የሚከተለው ዓይነት አጭር መልእክት ይበቃል፦

"ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ። ሜይፌር ላይ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለውን ክፍል አብረን የተጋራን ነኝ። ትናንት ሽሮ ስሠራ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ አራታችን ተራ ስንጠብቅ የነበረው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ቁጥሬን ከቀየርኩ ወዲህ ጠፋሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፖሎክዋኔ እንዴት ይዛሃለች? ልጆችህስ ስንት ደረሱ?"

በዚህ መልእክት ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ተቀባዩ እንዳይቸገር ቦታውን ጠቅሷል። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር አንሥቷል። ስለ ዝምታው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቆ አልፏል፤ ረጅም ይቅርታ ተቀባዩን የማጽናናት ሥራ ይሰጠዋልና። በመጨረሻም በቀላሉ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቋል። ስለ ሥራ ግን አንድ ቃል የለም።

ጥያቄው መቼ ይቅረብ?

አንዳንዶች ጉዳያቸውን ለወራት ደብቀው ወዳጅነቱን "ካሞቁ" በኋላ ድንገት ያወጡታል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ከመጠየቅ የባሰ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ያለፉት ወራት ሰላምታ ሁሉ ለዚያች ቀን የተዘጋጀ እንደነበር ያስባልና። በሌቪንና በባልደረቦቹ ጥናት ላይ የተሳተፉት ሰዎች ምክር የሚፈልጉበትን ጉዳይ ይዘው ነበር የቀረቡት፤ ብዙ ወር አልጠበቁም። ስለዚህ ቁም ነገሩ የቀኑ ርዝመት አይደለም። ቁም ነገሩ ሰውየው በመጀመሪያ እንደ ሰው መጠየቁ፣ የራሱን ሁኔታ ለመናገርም ዕድል ማግኘቱ ነው።

በአማርኛ ሰላምታ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚረዳ ልማድ አለ። መልስ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ከተጨዋወተ በኋላ "አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ማለቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው" ብሎ እውነቱን መደበቅ ትልቅ ስሕተት ነው። በኋላ "ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ጥያቄው በሌላው ሰው አፍ ስለመጣ፣ "ሱቁ ተዘግቶ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ እየፈለግሁ ነው" ብሎ በቀጥታ መመለስ ይገባል። ተቀባዩ ሳይጠይቅ ከቀረ ደግሞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጨዋወቱ በኋላ ጉዳዩን በግልጽ ማንሣት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥያቄው ይዘት ነው። "ሥራ ፈልግልኝ" የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ አለው፤ እሺ ወይም አልችልም። አብዛኛው ሰው ሥራ የመስጠት ሥልጣን ስለሌለው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ "እስቲ አያለሁ" ብሎ ይጠፋል። ወሬ መስጠት ግን ሁሉም ይችላል። ስለዚህ በምሳሌው ያለው ሰው እንዲህ ይጠይቃል፦

"አራት ዓመት የዕቃ ክፍል ይዤ ሠርቻለሁ፤ ቆጠራና የገቢ ወጪ መዝገብ እችላለሁ። በእናንተ አካባቢ ያሉ መጋዘኖች ሰው ሲፈልጉ በምን መንገድ ነው የሚቀጥሩት? ምን ዓይነት ወረቀትስ ይጠይቃሉ? የማታውቅ ከሆነም ምንም አይደል፤ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ንገረኝ።"

ይህ ጥያቄ የተወሰነ ሙያ ይጠቅሳል፤ ተቀባዩ በእውነት ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ይጠይቃል፤ ሳያፍር የሚወጣበትን በርም ይተውለታል። የወረቀቱ ጥያቄ በተለይ በደቡብ አፍሪካ መቅረት የለበትም። የጥገኝነት ጠያቂ ወይም የስደተኛ ፈቃድ የያዘ ሰው፣ በፈቃዱ ላይ ስለ ሥራ የሰፈረውንና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን አሠሪው እንደሚመለከት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ብዙ መንገድ ተጉዞ በበር ላይ ከመመለስ ይህን በስልክ ማረጋገጥ ይሻላል።

የተሳሳተ ነገር እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው ችግር ዝምታ ነው። ዝምታ ግን ሁሌ እምቢታ አይደለም። በዋትስአፕ ከመልእክቱ አጠገብ አንድ ምልክት ብቻ ከታየ መልእክቱ ገና ወደ ሰውየው ስልክ አልደረሰም፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ወይም ስልኩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ምልክት ከታየ ደርሷል። ከደረሰም በኋላ መልስ ካልመጣ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ አጭር ሰላምታ መላክ ያስኬዳል። ከዚያ ወዲያ መወትወት፣ ወይም "ሀብታም ሆነህ ረሳኸን" ዓይነት ወቀሳ መላክ፣ የቀረውን መንገድም ይዘጋል።

ሁለተኛው ችግር የሚመልሰው ሰው እርሱ አለመሆኑ ነው። የተሰረቀ የዋትስአፕ መለያ ይዘው በባለቤቱ ስም ወዳጆቹን የሚያታልሉ ሰዎች አሉ። ምልክቶቹ ይታወቃሉ፤ በድምፅ ማውራት አይፈልግም፣ ስለ ድሮው ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል፣ ቶሎ ሥራ እንዳለ ተናግሮ "ለማስኬጃ" ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወይም በስልክ የመጣን ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ላክልኝ ይላል። ያ ቁጥር መለያውን የሚከፍት ቁልፍ ስለሆነ ለማንም አይሰጥም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መደወል፣ ድምፁን መስማት፣ ከዚያም አብረው የኖሩበትን ነገር መጠየቅ። የምድጃዋን ታሪክ የሚያውቀው በክፍሉ የኖረ ሰው ነው። የአማላጁም ጥቅም እዚህ ይታያል፤ ቁጥሩ የእርሱ መሆኑን የሚመሰክር ሰው አለ።

ሦስተኛው ችግር የሚቀርቡትን ብቻ መምረጥ ነው። ሌቪንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ተከታይ ሙከራ፣ ተሳታፊዎቹ አሥር የራቁ ሰዎችን ስም ዘርዝረው በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ተደርጓል። ከዝርዝሩ ዝቅ ብለው ከተቀመጡት የተገኘው ምክር ከመጀመሪያዎቹ ብዙ አላነሰም። ሰዎች በመጀመሪያ የሚመርጡት ለማናገር የማይከብዳቸውን ሰው ነው፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ እንደ እነርሱው ያለ ኑሮ የሚኖር ነው። ስለዚህ በሜይፌር ያለው ሥራ ፈላጊ አሥር ስም ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ "አሁን የት ነው? ከማን ጋር ይውላል?" ብሎ ቢያስተውል፣ አዲስ ወሬ የሚመጣበት አቅጣጫ ይታየዋል።

የወዳጁ ስም ዋስ ነው

የሥራ ወሬ የሰጠ ሰው ወሬ ብቻ አልሰጠም፤ ለአሠሪው "ይህን ሰው አውቀዋለሁ" ካለ ስሙን ዋስ አድርጓል። ሰባት ዓመት ያልታየን ሰው ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ያልቻለውን እችላለሁ ማለት፣ በተቀጠረበት ሰዓት አለመገኘት ወይም ሥራውን ጀምሮ በሳምንቱ ጥሎ መሄድ የሚያስወቅሰው ዋሱን ነው። ወዳጁ "አስተዋውቅሃለሁ፤ የቀረውን ራስህ ተናገር" ቢል ይህ ክፉ መልስ አይደለም። የሚያውቀውን ያህል ብቻ እየመሰከረ ነው።

የጥናቶቹም ወሰን መታወቅ አለበት። የተጠቀሱት ምርምሮች በአብዛኛው የተካሄዱት በሰሜን አሜሪካ፣ በተማሩ ባለሙያዎች ወይም በዲጂታል ገጽ ተጠቃሚዎች ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከሠራተኛው ኃይል ከመቶ 30 በላይ የሚሆነው ሥራ የሌለው በመሆኑ፣ ወሬው ቢገኝም ሥራው ላይገኝ ይችላል። ያንቀላፋ ትውውቅ ሥራ አይፈጥርም፤ ሥራ ሲኖር መኖሩን ለማወቅ ያስችላል።

ከሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ወሬው ወደ ሥራ ቢያደርስም ባያደርስም፣ የሆነውን ለወዳጁ መልሶ መንገር ነው። "ደውዬ ነበር፣ ሰው ይዘዋል አሉኝ፤ አንተ ግን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" የሚል መልእክት የሚሰማ ሰው፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ወሬ ቢሰማ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ያውቃል። ውጤቱን ሳይነግር የጠፋ ሰው ግን ለሁለተኛ ጊዜ ጠፍቷል፤ በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ሰላምታ ቢልክ የሚነበበው እንደ መጀመሪያው አይሆንም።